አንድ ጂን፣ ሁለት ኤንዛይም፦ የPKM ኤክሶን 9ን እና 10ን ስከታተል የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሦስት የሰው የአጥንት ጡንቻ ናሙና እና ሂላ ከተባለው የካንሰር ሕዋስ ሦስት ናሙና አወረድኩ። ሁሉም ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ማከማቻ የተገኙ የአር.ኤን.ኤ ንባቦች ናቸው፤ ጥንድ ንባብ፣ እያንዳንዱ 100 ፊደል። ተራውን የጂን ቆጠራ ስሠራ PKM በሁለቱም ወገን ከፍ ብለው ከሚታዩት ጂኖች ተርታ ተቀመጠ። ቆጠራውን ብቻ የሚያይ ሰው በጡንቻም በካንሰር ሕዋስም ያው ጂን ያንኑ ሥራ እየሠራ ነው ብሎ ያልፋል።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። PKM ፓይሩቬት ካይኔዝ የሚባለውን ኤንዛይም የሚያሠራ ጂን ነው፤ ስኳር በሕዋስ ውስጥ በሚሰባበርበት መስመር የመጨረሻውን እርምጃ የሚያስኬደው ይህ ኤንዛይም ነው። ጂኑ መጀመሪያ በሙሉ ወደ አር.ኤን.ኤ ይገለበጣል፤ ከዚያ ኢንትሮኖቹ ተቆርጠው ይጣሉና ኤክሶኖቹ ጫፍ ለጫፍ ይቀጣጠላሉ። ስፕላይሲንግ የምንለው ይህን ነው። PKM ላይ ሲደርስ ሕዋሱ ምርጫ አለው፤ ከኤክሶን 8 በኋላ ወይ 9ን ወይ 10ን ይወስድና ወደ 11 ይሻገራል። 9ን ከወሰደ PKM1፣ 10ን ከወሰደ PKM2 ይወጣል። ሁለቱም ፕሮቲኖች 531 አሚኖ አሲድ አላቸው፤ የሚለያዩት በ22ቱ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጠባያቸው ለየቅል ነው። PKM1 ምንጊዜም ለሥራ ዝግጁ ነው። PKM2 ግን ፍሩክቶዝ 1፣6-ቢስፎስፌት የተባለው ሞለኪውል መጥቶ ሲይዘው ነው በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው። ጡንቻ፣ ልብና አንጎል በብዛት PKM1ን ይይዛሉ፤ ፅንስና አብዛኛው የካንሰር ሕዋስ PKM2ን።

ይህን ጂን የመረጥኩት ለመለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ኤክሶኖች ርዝመታቸው እኩል ነው፤ እያንዳንዳቸው 167 ፊደል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ሲተካ የመልእክቱ ርዝመት አይለወጥም፣ የጂኑ ጠቅላላ ቆጠራም አይነቃነቅም፣ ሞለኪውሎችን በርዝመታቸው በሚለየው ጄል ላይም አንድ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። እዚህ ላይ የሠራ ዘዴ ሌላ ቦታ አያቅተውም የሚል ግምት አለኝ።

የ167 ነገር ሌላም ምሥጢር አለው። አሚኖ አሲድ የሚነበበው በሦስት በሦስት ፊደል ነው፤ 167 ደግሞ ለ3 አይካፈልም፣ 2 ይተርፋል። ሁለቱም ኤክሶኖች ቢዘለሉ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል። ሁለቱም ቢገቡም እንዲሁ። ስለዚህ ሕዋሱ ደኅና ኤንዛይም የሚያገኘው አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ሲወስድ ነው።

ጥቅምት 9

STAR በተባለው ፕሮግራም ንባቦቹን ከሰው ጂኖም ጋር ለማስተካከል፣ ማለትም እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ለመፈለግ፣ ወደ 30 ጊጋባይት የሚጠጋ ማህደረ ትውስታ ያስፈልጋል፤ የእኔ ላፕቶፕ 16 ብቻ ነው ያለው። ክሮሞዞም 15ን ብቻ ነጥዬ ልሥራ ብዬ ትንሽ ተፈተንኩ፤ PKM ያለው እዚያ ነውና። ተውኩት። ንባቦቹ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ ከታጣ፣ የሌላ ጂን ንባብም የሚመሳሰለው ቦታ ላይ ተገፍቶ ይለጠፋል። ለምሳሌ PKLR የተባለው የቅርብ ዘመዱ ክሮሞዞም 1 ላይ ነው፤ ያ ክሮሞዞም ከሌለ ንባቦቹ PKM ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። እኔ የምቆጥረው ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ንባቦችንም ጭምር ስለሆነ ይህን መቻል አልፈልግም። የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ለሌሊት አስፈቀድኩ።

```
STAR --runThreadN 8 --genomeDir hg38_star \
  --readFilesIn muscle1_1.fq.gz muscle1_2.fq.gz \
  --readFilesCommand zcat --twopassMode Basic \
  --outSAMtype BAM SortedByCoordinate \
  --outFileNamePrefix muscle1_
```

ጥቅምት 11

ስድስቱም አለቁ። የምፈልገው ፋይል `SJ.out.tab` ነው። እያንዳንዱ መስመሩ አንድ መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያ ስል ንባቡ ኤክሶን ላይ ጀምሮ፣ ኢንትሮኑን ዘሎ፣ ሌላ ኤክሶን ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ማለቴ ነው። የኤክሶን ውስጥ ንባብ "ይህ ኤክሶን አለ" ይላል እንጂ ከማን ጋር እንደተቀጠለ አይናገርም። መጋጠሚያውን የተሻገረ ንባብ ግን ከአንድ ሞለኪውል የመጣ ቀጥተኛ ምስክር ነው፦ 8 ከ9 ጋር ተቀጥሏል፣ ወይም 8 ከ10 ጋር።

በፋይሉ ውስጥ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ የኢንትሮኑን መጀመሪያና መጨረሻ ይይዛሉ፤ የኤክሶኑን አይደለም። ሰባተኛው በአንድ ቦታ ብቻ ያረፉ ንባቦች ቁጥር ነው፤ የምቆጥረው እሱን ነው። ስድስተኛው መጋጠሚያው በመዝገብ የታወቀ ከሆነ 1፣ አዲስ ከሆነ 0 ይላል፤ በ`--twopassMode` ግን በመጀመሪያው ዙር የተገኘ አዲስ መጋጠሚያም 1 ሊባል ይችላል። ዘጠነኛው ደግሞ ከመጋጠሚያው ወዲያና ወዲህ ንባቡ ቢበዛ ምን ያህል ፊደል ተሻግሮ እንደያዘ ያሳያል።

```
awk '$1=="chr15" && $2>72199000 && $3<72232000' muscle1_SJ.out.tab
```

የሁለቱን ኤክሶኖች አድራሻ ለማግኘት እኩልነታቸውን ራሱን ተጠቀምኩበት፤ ከPKM ኤክሶኖች ውስጥ ርዝመታቸው 167 የሆኑትን ብቻ ጠየቅሁ።

```
awk -F'\t' '$1=="chr15" && $3=="exon" && $5-$4+1==167' gencode.gtf \
  | grep 'gene_name "PKM"' | cut -f4,5 | sort -u
```

ሁለት መስመር ወጣ። በትንሹ ቁጥር የሚጀምረውን 9፣ በትልቁ የሚጀምረውን 10 ብዬ ጻፍኩና መጋጠሚያዎቹን ደመርኩ።

የመጀመሪያው የጡንቻ ናሙና 3 በመቶ PKM1፣ 97 በመቶ PKM2 አለኝ። ሂላ ደግሞ 99 በመቶ PKM1።

ሥራውን እዚሁ አቆምኩ። ጡንቻ ላይ PKM1 እንደሚበዛ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው፤ ይህን የሚገለብጥ ውጤት ካገኘሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው የራሴን ሥራ ነው። ናሙናዎቹ ስማቸው ተቀያይሮ ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ የቀያየርኩት?

ጥቅምት 12

ናሙናዎቹ አልተቀያየሩም። የጡንቻ ማዮሲን ጂኖች "ጡንቻ" በተባሉት ናሙናዎች ሞልተዋል፤ ሂላ ላይ የሉም ማለት ይቻላል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። PKM የሚነበበው ከጂኖሙ ተቃራኒ ገመድ ላይ ነው፤ ጂኑ ከትልቁ ቁጥር ተነስቶ ወደ ትንሹ ይወርዳል። ስክሪን ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስናይ ከአራቱ መጀመሪያ የምናገኘው ኤክሶን 11ን ነው፣ ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ 9ን፣ ከዚያ 8ን። እኔ የግራውን 9 ብዬዋለሁ፤ የግራው ግን 10 ነው። ፋይሉ ራሱ አራተኛው ዓምድ ላይ 2 ብሎ ተቃራኒ ገመድ መሆኑን ነግሮኝ ነበር።

በቃል ማስተካከሉ አላረካኝም፤ ከቅደም ተከተሉ ራሱ ማስረጃ ፈለግሁ። ኤክሶን 10 ውስጥ CTGCAG የሚል ቃል አለ፤ ኤክሶን 9 ውስጥ የለም። ይህ ፒኤስቲ-ዋን የተባለው ቆራጭ ኤንዛይም የሚያውቀው ቃል ነው፣ በላብራቶሪም PKM2ን ለመለየት የሚያገለግለው እሱ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ቃሉ በተቃራኒው ገመድ ላይ ሲነበብም ያው CTGCAG ነው። ስለዚህ የትኛውን ገመድ እንደማነብ ሳልጨነቅ መፈለግ እችላለሁ።

```
for e in "$LEFT" "$RIGHT"; do
  samtools faidx hg38.fa chr15:$e | grep -v '>' \
    | tr -d '\n' | grep -ci ctgcag
done
```

ለግራው 1፣ ለቀኙ 0 መለሰ። የግራው ኤክሶን 10 መሆኑ ተረጋገጠ። ስሞቹን አስተካክዬ እንደገና ደመርኩ፦

```
            8-9   9-11   8-10   10-11   8-11   9-10
muscle1    1204   1316     37      45      3      6
hela1        22     18   1893    2041     14      0
```

የPKM1 ድርሻ ማለት የኤክሶን 9 ሁለት መጋጠሚያዎች ድምር ለአራቱ ድምር ሲካፈል ነው። ለጡንቻ (1204 + 1316) / 2602 = 0.968። ለሂላ (22 + 18) / 3974 = 0.010። ጡንቻ 97 በመቶ PKM1፣ ሂላ 1 በመቶ። ይኸው ነው የሚጠበቀው።

ከሠንጠረዡ የምወደው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የየኤክሶኑ ሁለት ጎኖች መቀራረባቸው። ኤክሶን 9 በግራም በቀኝም መጋጠሚያ ሊኖረው ግድ ነው፤ 1204 እና 1316 እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። አንዱ ጎን 1200 ሌላው 40 ቢሆን ኖሮ ወይ ማስተካከያው አንዱ ጎን ላይ ንባብ እየጣለ ነው፣ ወይ እኔ የማላውቀው ሌላ ጫፍ አለ ማለት ነው። ከድርሻው በፊት ይህን ማየት ልማድ አድርጌዋለሁ።

ጥቅምት 15

የቀሩትን ሁለት ትንንሽ ዓምዶች ማለትም 8-11 እና 9-10 ሳልመረምር ማለፍ አልፈለግሁም።

ጡንቻው ላይ 9 ከ10 ጋር የተቀጠለበት 6 ንባብ አለ። ይህ ሁለቱም ኤክሶኖች የገቡበት መልእክት ይሆናል። ንባቦችን በጂኖሙ ላይ ደርድሮ በሚያሳየው IGV ከፍቼ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ስድስቱም ጥንዶች ከአንድ ነጥብ ተነስተው አንድ ነጥብ ላይ ያበቃሉ። ስድስት ሞለኪውሎች በአጋጣሚ እንዲህ አይቆረጡም። አንድ ሞለኪውል በፒ.ሲ.አር ተባዝቶ ስድስት መስሎ የቀረበ ነው። ስለዚህ ያለኝ አንድ ምስክር ነው፤ በአንድ ምስክር ደግሞ አዲስ መልእክት አላውጅም።

የሂላው 14 ግን የተለየ ነው። መነሻቸውም መድረሻቸውም የተለያየ ነው፣ ከመጋጠሚያው ወዲያና ወዲህም በርከት ያለ ፊደል ይዘዋል። እነዚህ እውነተኛ ናቸው፤ 8 በቀጥታ ከ11 ጋር ተቀጥሏል፣ ሁለቱም ተዘለዋል። ንባቡ የተዛባበት እንዲህ ያለ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ያለቦታው የማቆሚያ ምልክት ያጋጥመውና ሕዋሱ ቶሎ ያፈርሰዋል። ስለዚህ 14 የተረፈው ነው እንጂ የተሠራው አይደለም። ስንት እንደተሠራ ከዚህ መረጃ ማወቅ አይቻልም።

ጥቅምት 18

በእጅ የቆጠርኩትን በrMATS ላመሳክር ተነሳሁ። መሣሪያው የስፕላይሲንግ ለውጦችን በአምስት ይመድባል፤ የእኛው "አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣበት" ዓይነት `MXE` ይባላል። ሦስት በሦስት ናሙናዎቹን ሰጠሁት።

PKM በዝርዝሩ ላይ አለ፤ ግን የመጀመሪያው የጡንቻ ናሙና 2602 በነበረበት 61 ንባብ ብቻ ነው የቆጠረው። ድርሻው አልተበላሸም፣ ቁጥሩ ግን ተራቁቷል።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ንባቦቹን ከማስተካከሌ በፊት ለማንበብ ሲባል የሚቀጠለውን የአዳፕተር ቅሪትና ጥራታቸው የወረደ ጫፎችን አስቆርጬ ነበር፤ ስለዚህ 100 የነበረው ንባብ አንዱ 97፣ አንዱ 88፣ አንዱ 93 ሆኗል። rMATS ደግሞ `--readLength 100` ስለው ልክ 100 ያልሆነውን ሁሉ ይጥላል። ስህተት ብሎ አይጮኽም፤ ሥራውን ጨርሶ ውጤት ይሰጣል። በእጅ የቆጠርኩት ባይኖረኝ ኖሮ ጂኑ ትንሽ ንባብ ነው ያለው ብዬ አምን ነበር።

```
rmats.py --b1 muscle.txt --b2 hela.txt --gtf gencode.gtf \
  -t paired --readLength 100 --variable-read-length \
  --nthread 8 --od out --tmp tmp
```

አሁን ቁጥሩ ከእጅ ቆጠራዬ ጋር ተቀራረበ። አንድ ነገር ለሚከተለኝ ሰው፦ በ`MXE.MATS.JC.txt` ውስጥ "የመጀመሪያው ኤክሶን" ማለት በጂኖሙ ላይ ትንሹ አድራሻ ያለው ነው። "መግባት" የሚለው ድርሻ ግን በገመዱ አቅጣጫ ይለወጣል፤ ጂኑ በቀጥታው ገመድ ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን ኤክሶን፣ በተቃራኒው ላይ ከሆነ ሁለተኛውን ይመለከታል። PKM በተቃራኒው ገመድ ላይ ስለሆነ `IncLevel` የሚለው የኤክሶን 9 ድርሻ ነው፣ ማለትም PKM1። ጥቅምት 11 ላይ የወደቅኩበት ጉድጓድ እዚህም ተቆፍሮ ይጠብቃል።

ጥቅምት 21

ሦስተኛው የጡንቻ ናሙና ከወንድሞቹ ተለየ። PKM1 171፣ PKM2 23 መጋጠሚያ ንባብ፤ 88 በመቶ። ሁለቱ ግን 97 እና 96 ናቸው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህ የንባብ ማነስ የፈጠረው መወዛወዝ ይሆን ወይ ነው። በ194 ንባብ 88 በመቶ ሲገኝ እውነተኛው ድርሻ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 ነጥብ ያህል ሊርቅ ይችላል። ጠንከር ብዬ ልፍረድ፤ ጥንድ ንባብ ስለሆነ አንድ ቁራጭ የኤክሶን 9ን ሁለቱንም መጋጠሚያዎች ተሻግሮ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ያሉኝ ነጻ ምስክሮች በግማሽ፣ 97 ብቻ ናቸው ብል እንኳ ክፍተቱ 6 ነጥብ ተኩል ያህል ይሆናል፤ 97 በመቶ ላይ አይደርስም። በ20 ንባብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ምንም ማለት አልችልም ነበር፤ በ20 ንባብ 50 በመቶ የሚል ውጤት እውነቱ 28ም 72ም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ናሙናው ውስጥ ማን አለ? ከሰው የተወሰደ ጡንቻ የጡንቻ ሕዋስ ብቻ አይደለም። የደም ሥር አለው፣ ስብ አለው፣ አያያዥ ሥጋ አለው፤ እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው PKM2ን ነው የሚይዙት። `COL1A1`ን ማለትም የአያያዥ ሥጋ ሕዋሳት የሚያመርቱትን ኮላጅን፣ እና የደም ሥር ግድግዳ ምልክት የሆነውን `PECAM1`ን አየሁ። ሦስተኛው ናሙና ላይ ሁለቱም ከሌሎቹ ከፍ ብለዋል።

ስለዚህ 88 በመቶ የአንድም ሕዋስ ጠባይ ላይሆን ይችላል። 97 የሚሉ የጡንቻ ሕዋሳትና ወደ ዜሮ የቀረቡ ሌሎች ሕዋሳት አንድ ማሰሮ ውስጥ ተቀላቅለው የሰጡት አማካይ ሊሆን ይችላል። ሁለት በሽተኞችን ሲያወዳድሩ "ስፕላይሲንጉ ተለወጠ" የሚሉ ሰዎች ይህን አስቀድመው ቢጠይቁ እላለሁ፤ ጠባሳ የበዛበት ጡንቻ ምንም ሳይለወጥ የተለወጠ ይመስላልና። ናሙናውን አልጣልኩትም፤ ጎኑ ላይ ማስታወሻ ጽፌ አቆየሁት።

ጥቅምት 22

ምርጫውን ማን ያደርገዋል? ኤክሶን 9 ዙሪያ ባለው አር.ኤን.ኤ ላይ PTBP1፣ hnRNPA1 እና hnRNPA2 የተባሉ ፕሮቲኖች ተቀምጠው ኤክሶኑን ይጨቁኑታል፤ እሱ ሲታፈን 10 ይመረጣል። በቆጠራዬ PTBP1 ሂላ ላይ ብዙ፣ ጡንቻ ላይ ጥቂት ነው። ከታሪኩ ጋር ይስማማል፤ ግን አብሮ መታየት ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም። ያን ያረጋገጡት ፕሮቲኖቹን ከሕዋስ ውስጥ ቀንሰው PKM1 ከፍ ሲል ያዩት ናቸው።

አንድ ሰው "ሁለት ቅርጽ ብቻ ነው እንዴ?" ብሎኝ ነበር። በፍሬ ዝንብ ውስጥ ያለው Dscam1 ያንኑ "አንዱን ብቻ" የሚለውን ምርጫ አራት ቦታ ላይ ያደርገዋል፤ ከ12 አንዱን፣ ከ48 አንዱን፣ ከ33 አንዱን፣ ከ2 አንዱን። ሲባዛ 38,016 ቅርጽ ይሆናል። እዚያ ግን በ100 ፊደል ንባብ የትኛው ምርጫ ከየትኛው ጋር በአንድ ሞለኪውል ላይ እንደዋለ ማወቅ አይቻልም፤ ቦታዎቹ ስለሚራራቁ አንድ ንባብ ሁሉንም አይነካም። መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነብ ረጅም ንባብ ያስፈልጋል። PKM ላይ ምርጫው አንድ ቦታ ስለሆነ አጭር ንባብ ይበቃኛል።

ኅዳር 4

ወደ ጠረጴዛው ሥራ። የወረዱት ናሙናዎች አር.ኤን.ኤ በእጄ ስለሌለ የተገዛ የሰው ጡንቻ አር.ኤን.ኤ እና ባልደረባዬ ካሳደገችው ሂላ የወጣ አር.ኤን.ኤ ይዘናል። ስለዚህ የምንፈትነው ዘዴውን ነው፤ ያንኑ ናሙና አይደለም።

ፒ.ሲ.አር የሚነሳበት አጭር ቁራጭ ማለትም ፕራይመር፣ አንዱ ኤክሶን 8 ላይ፣ ሌላው 11 ላይ። ከፒ.ሲ.አር በኋላ የሁለቱም ምርት ጄል ላይ በአንድ ቁመት ቆመ። ከዚያ ፒኤስቲ-ዋን ጨመርን፤ PKM2 ለሁለት ይቆረጣል፣ PKM1 እንዳለ ይቀራል።

ጡንቻው እንዳለ ቀረ። ሂላው ግን ሩብ የሚሆነው ሳይቆረጥ ቆመ። በንባቦቹ መሠረት መቅረት ያለበት 1 በመቶ ያህል ነበር።

"መጀመሪያ ቆራጩን ብቻውን ፈትነው፤ ንባብህን በኋላ ትጠረጥራለህ" አለችኝ።

ኅዳር 5

ፒዩሲ-19 የተባለውን ፕላዝሚድ አመጣን። 2,686 ፊደል ያለው ክብ ነው፤ የፒኤስቲ-ዋን መቁረጫ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ኤንዛይሙ ደኅና ከሆነ ክቡ በሙሉ ተቆርጦ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ከእኛው ቱቦ ኤንዛይም ጋር ከአንድ ሰዓት በኋላም ብዙው ክብ እንደሆነ ነበር። ኤንዛይሙ ደክሟል። በአዲስ ቱቦ ሲደገም ፕላዝሚዱም በሙሉ ተቆረጠ፣ ሂላውም ላይ ያልተቆረጠው መስመር በዓይን የማይታይ ሆነ።

የሚያሳስበኝ የስህተቱ አቅጣጫ ነው። ቆራጩ ሲደክም የሚበዛው ሁልጊዜ PKM1 የሚመስለው ነው። ያልተቆረጠ ሁሉ PKM1 ተብሎ ስለሚቆጠር፣ በዚህ ዘዴ ስንፍና ራሱ ውጤት መስሎ ይወጣል።

ኅዳር 8

ወደዚያው አቅጣጫ የሚገፋ ሌላ ስህተት አለ፤ እሱን ሆን ብለን ፈጠርነው። ንጹሕ የጡንቻ ምርትና ንጹሕ የሂላ ምርት እኩል በእኩል ቀላቀልን። ግማሹን እንዳለ ቆረጥነው። ሌላውን ግማሽ መጀመሪያ 95 ዲግሪ አሞቅነውና ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተውነው፣ ከዚያ ቆረጥነው።

በሁለቱም ውስጥ ያለው ያው ነው፤ ግማሽ PKM1፣ ግማሽ PKM2። ያልሞቀው ላይ ግማሽ ያህሉ ሳይቆረጥ ቀረ፣ ልክ ነው። የሞቀው ላይ ግን ሦስት አራተኛው ሊቀር ይገባል ብዬ አስቀድሜ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። ሲሞቅ ገመዶቹ ይለያያሉ፤ ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ያገኘውን ይይዛል። የ8 እና የ11 ጫፎቻቸው አንድ ስለሆኑ የPKM1 ገመድ ከPKM2 ገመድ ጋርም ይጣመራል። ከአራት ጥንድ አንዱ ንጹሕ PKM1፣ ሁለቱ ድብልቅ፣ አንዱ ብቻ ንጹሕ PKM2 ይሆናል። ድብልቁ ላይ CTGCAG ያለው በአንዱ ገመድ ብቻ ስለሆነ ኤንዛይሙ አያውቀውም፣ አይቆርጠውም።

ጄሉን በብርሃኑ ላይ ስናስቀምጠው የሞቀው ጉድጓድ ያልተቆረጠ መስመር ከጎረቤቱ ጎልቶ ወጣ። በመለኪያው 71 በመቶ፤ ያልሞቀው 52።

በተለመደው ፒ.ሲ.አር ውስጥ ይህ በራሱ ይደርሳል። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ፕራይመሩ ሲያልቅ ምርቶቹ እርስ በርሳቸው መጣመር ይጀምራሉ። ጡንቻና ሂላ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድሉ ጉዳቱ አይታይባቸውም፤ የሚጎዱት መሐል ላይ ያሉ ናሙናዎች ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ 35 ዙር የነበረውን ወደ 25 አውርደናል፤ በየጄሉ ላይም ያልሞቀው እኩል ድብልቅ አንድ ጉድጓድ ይይዛል። እሱ ከ50 በመቶ ከራቀ ጄሉ አይለካም።

ኅዳር 10

25ቱን ዙር በሁለቱም አር.ኤን.ኤ ላይ ደገምን። ጡንቻ ላይ የተቆረጠ መስመር በጭንቅ ይታያል፤ ሂላ ላይ ያልተቆረጠው አይታይም። እኩል ድብልቁ 49 በመቶ። ከንባብ ቆጠራው ጋር የሚጋጭ ነገር የለም። የተረፈውን ምርት 8፣ 11 እና ቀኑን ጽፌበት ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።